የረጋው ማር

ጎረቤቴ የማሩን ብልቃጥ ባንኮኒዬ ላይ ሲያሳርፉት ሚዛኑ ላይ የነበረው ምስር ተንቀጠቀጠ። የታኅሣሥ ጠዋት ነው፤ ደሴ ውስጥ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር እንፋሎት የሚወጣበት ሰሞን። ሆጤ ሰፈር ያለችው ሱቄ ጠባብ ናት፤ ጥቂት ሰው ከገባባት ሌላው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ያን ጠዋት ደግሞ ሞልታ ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

አየሁት። የአባቴ ማር ነው። ከወር በፊት ሲወስዱት እንደ ዘይት የሚፈስ፣ ወርቅ የሚመስል ነበር። አሁን ነጣ ብሎ፣ እንደ ቅቤ ረግቶ፣ ብልቃጡን ቢዘቀዝቁት ንቅንቅ አይልም።

«ማር ነው እንጂ፣ እትዬ። ረግቶ ነው።»

«ማር? ማንኪያ ስከትበት አሸዋ የቆፈርኩ መሰለኝ። ጥርሴ ላይ ቅርጭጭ ይላል። ስኳር ነው! ስኳር አፍልተሽ ማር ብለሽ ሸጥሽልኝ። እኔ ብበላው ባልከፋኝ፤ ለአራሷ ልጄ ገንፎ ነው የወሰድኩት!»

አንዲት ሴት ልትከፍልበት በእጇ ይዛው የነበረውን ሌላ ብልቃጥ ቀስ ብላ መደርደሪያው ላይ መለሰችው። መመለሷ ከስድብ በላይ አቃጠለኝ።

እኚህ ሴት ሩቅ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እንዲያ አልናደድም ነበር። ቤታችን በአንድ አጥር ነው የሚለየው። አባቴን ያውቋቸዋል፤ አባቴ ለሰኞ ገበያ ሲወጡ እሳቸው ቤት ጎራ ብለው ሰላም ይሏቸዋል፤ «አሰላሙ አለይኩም፣ የቤቱ ሰው» ሲሉ «ወአለይኩም ሰላም፣ ይግቡ» ብለው ከደጅ የሚቀበሏቸው ጎረቤቴ ናቸው። አባቴ ማር ሲቆርጡ ፊታቸው አብጦ ምን ያህል ቀን እንደሚቀመጡም ያውቃሉ። ይህን ሁሉ እያወቁ ነው ሰው መሀል «ስኳር» ያሉት።

«እትዬ፣ ጓዳ ይግቡና ላስረዳዎት» አልኩ።

«ምን ጓዳ ያስገባኛል? የምትዪውን እዚሁ በይ። ሰው ይስማ!»

እሺ፣ ሰው ይስማ አልኩ በልቤ። ድምፄን ለመያዝ እየታገልኩ አስረዳሁ። ንጹሕ ማርም ይረጋል። ንብ ከአበባ የምትሰበስበው ጣፋጭ ውሃ ራሱ ስኳር ነው፤ አበባው የሰጣት ስኳር። ማር ውስጥ ያለው ውሃ በጣም ትንሽ፣ ጣፋጩ ደግሞ በጣም ብዙ ነው። ያ ትንሽ ውሃ ይህን ሁሉ ጣፋጭ አሟሙቶ ለዘላለም ሊሸከመው አይችልም። ስለዚህ ከጣፋጮቹ አንደኛው፣ ግሉኮስ የሚሉት፣ ቀስ በቀስ ከውሃው እየወጣ ጥቃቅን ፍሬ ይሠራል። ማሩ ውስጥ የቀረች የአበባ ዱቄት ወይም የሰፈፍ ቅንጣት ካለች ደግሞ ፍሬው እሷን ይዞ ነው የሚያድገው። እንደ ደሴ ያለ ብርድ ሲመጣ ነገሩ ይፈጥናል።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። ኮምቦልቻ ላይ ለማር ነጋዴ ሴቶች በተሰጠ ሥልጠና ላይ ነው የሰማሁት፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከአደይ አበባ የሚመጣው የአባቴ ማር በኅዳር ተቆርጦ በታኅሣሥ ይረጋል። ከሌላ አበባ የመጣ ማር ግን ሳይረጋ ብዙ ሊቆይ ይችላል፤ ሁሉም እንደ አበባው ነው።

ጎረቤቴ ሰምተው ሲያበቁ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«እናቴ ቤት ያደግኩት ማር እየበላሁ ነው። እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም።»

«እናትዎ የት ነበሩ?»

«ባቲ።»

«ባቲ ቆላ ነው፣ እትዬ! ቆላ ላይማ አይረጋም፤ ቢረጋም ዘግይቶ ነው።»

«አሁን ደግሞ የእናቴን አገር ልትነግሪኝ ነው?»

«እሺ ይተዉት። ይስጡኝ፣ ለብ ባለ ውሃ ላፍታታልዎት። እንደ ድሮው ሆኖ ያዩታል።»

«ስኳርም እኮ ሲሞቅ ይቀልጣል!» አሉ። ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ሳቀ።

ይህኛው ንግግራቸው ነው ደሜን ያፈላው፤ ምክንያቱም ልክ ነበሩ። ማር መርጋቱ ስኳር እንዳልተቀላቀለበት አያሳይም፤ መፍታቱም አያሳይም። ውሃ ላይ ጠብ ማድረግ፣ ክብሪት ላይ ቀብቶ መጫር፣ በጣት አሽቶ ማየት፣ ገበያው ውስጥ ያለው ፈተና ሁሉ አንዱም እርግጠኛ አያደርግም። እርግጠኛ የሚያደርገው ላቦራቶሪ ነው፤ እኔ ደግሞ ሱቄ ውስጥ ላቦራቶሪ የለኝም። ያለኝ የአባቴ ቃል ብቻ ነው። እሱን ነው ባንኮኒ ላይ ጥለውት የሄዱት።

ብልቃጡን አልወሰዱትም። ከተረፈው ማር ጋር እዚያው ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ እያየሁት ተቃጠልኩ። ወሬው ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ሰፈሩን ዞረ፤ በዚያው ሳምንት ዱቄትና ዘይት የሚገዙኝ ሁሉ እየመጡ፣ ማሩ ወዳለበት መደርደሪያ ግን ቀና ብለው አያዩም ነበር። አንዷማ «ዘይቱስ ደህና ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት ባልጽፈው ይሻላል።

አባቴ ሰኞ መጡ። ሰኞ ገበያ ላይ ያመጡትን ገብስ ሸጠው፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወደ ሱቄ ገቡ። ልነግራቸው አልፈለግኩም፤ ግን ሳልነግራቸው ሰምተው ነበር። ገበያ መሀል አንድ የሚያውቃቸው ሰው «ሽማግሌው፣ ዘንድሮ ንቦችህ ስኳር ነው የሚቀስሙት አሉ?» ብሎ እንደቀለደባቸው በኋላ ሰማሁ።

ቆመው መደርደሪያውን አዩ። ከዚያ ጎረቤቴ የጣሉትን ብልቃጥ አንስተው ክዳኑን ከፈቱና አሸተቱት።

«ደህና ነው» አሉ። «ምንም አልሆነም።»

«አውቃለሁ፣ አባባ። ሰው ነው ያላወቀው።»

«ውሃ ቢገባበት አረፋ ያወጣ ነበር። ሽታውም ወደ ጠጅ ይሄድ ነበር። ያኔ ተበላሸ ቢሉኝ እቀበላለሁ። ይሄ ግን ብርድ ነው የነካው።»

«አፍታትቼ ልደርድረው? ፈሳሽ ሆኖ ሲያዩት ይገዙ ይሆናል።»

አባቴ ዞር ብለው አዩኝ። ሲቆጡ ድምፃቸው አይጨምርም፤ እንዲያውም ይቀንሳል።

«ቢፈልጉት እንደተፈጠረ ይውሰዱት። ደግሞስ ዛሬ ብታፍታቺው በዚህ ብርድ መልሶ አይረጋም? ያኔ ደግሞ ምን ሊሉኝ ነው? በየጊዜው እሳት እያሳየሽው ሽታው ይጠፋል፤ መልኩ ይጠቁራል። ማሩን ለምላሳቸው ብለሽ አትግደይብኝ።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ይውረድ። ከኮምቦልቻ በታች፣ ቆላው ሐርቡ ያለ አንድ ነጋዴ በየዓመቱ ይለምነኛል። ለእሱ እሰጠዋለሁ። ከእንግዲህ ማሬ ደሴ አይገባም።»

«አባባ፣ እኔስ?»

«አንቺ ልጄ ነሽ፤ ለቤትሽ አልከለክልሽም። ለገበያ ግን በቃኝ፣ ወላሂ በቃኝ።»

አባቴ ወላሂ ካሉ አለቀ። ብልቃጦቹን በካርቶን አሰርኩላቸው፤ ጎረቤቴ የመለሱትን ብቻ ለቤቴ አስቀረሁ። ካርቶኑን ተሸክመው ሲወጡ የጎረቤቴን በር አልፈው ሄዱ፤ ሰላምም አላሉ፣ ዞርም አላሉ። ጎረቤቴ መስኮት ላይ ነበሩ። እኔ ሱቄ ደጃፍ ቆሜ ሁለቱንም አየሁ፤ ሮጬ ሄጄ በሩን በእግሬ መምታት ነበር ያማረኝ።

በዚያው ሰሞን ለዕቃ ግዢ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲጨርስ ሁሌም ሹራቤን አወልቃለሁ፤ ያን ቀንም ላቤ መጣ። የወንድሜ ሚስት እዚያ ጭማቂ ቤት አላት። ብርዝም ትሠራለች፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከሥራ ሲወጣ ደጃፏ ላይ ቆሞ ይጠጣል። የምትሠራው በአባቴ ማር ነው።

ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና «ምነው ፊትሽ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ስነግራት እጇ አልቆመም፤ ከመደርደሪያ ብልቃጥ አውርዳ ማሩን ወደ ማሰሮው እየቀዳች ነበር። ማሩ እንደ ክር ተዘርግቶ፣ ሳይበጠስ ይወርዳል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ ልል አልችልም፤ አውቀው ነበርና። ግን ብሽቀቴ ጨመረ።

«ይኼ የትኛው ነው?» አልኳት።

«የኅዳሩ ነዋ። አባባ በአንድ ቀን ቆርጠው ግማሹን ለአንቺ፣ ግማሹን ለእኔ የላኩት።»

«የእኔ እኮ ድንጋይ ሆኗል።»

«እዚህማ በየት በኩል ይረጋል? ቤቱ ቀኑን ሙሉ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ነው።» ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ትታ አንድ ብልቃጥ አሽጋ ሰጠችኝ። «ውሰጂላቸው። አንድ ማር መሆኑን በዓይናቸው ይዩ።»

«ለእሳቸው? ማር ልሸልማቸው?»

«ለእሳቸው አይደለም፣ ለአባባ ብለሽ ነው።»

እምቢ ብዬ ትቼው ልወጣ ነበር። ግን ይዤው ወጣሁ።

ማታውኑ አጥሩን ዞሬ ገባሁ። ጎረቤቴ አራሷ ልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ሕፃኑን ታቅፈው ነበር። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ይህ ከኮምቦልቻ ነው፣ እትዬ። ከዚያኛው ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቀፎ የተቆረጠ ነው። እዚያ ሞቃት ስለሆነ አልረጋም።»

ከፈቱት፤ በጣታቸው ቀመሱት። ፊታቸው ፈካ።

«ማር ማለት ይኼ ነው!» አሉ። «አየሽ? ስትፈልጊ ደህናው አለሽ።»

«እኔኮ የምልዎት አንድ ነው ነው! ያው ማር ነው!»

«እሺ፣ እሺ፣ አትጩሂ፤ ሕፃን ተኝቷል።»

ወጣሁ። መንገድ ላይ ብቻዬን እያወራሁ ነበር። ይቅርታ ይጠይቁኛል ብዬ የሄድኩባቸው ሴትዮ፣ ደህናውን ማር ደብቄ የነበርኩ አስመስለውኝ አረፉ።

ከዚያ በኋላ ሳንነጋገር ከረምን። አጥሩን ዘልሎ ጨው መበደሩም፣ በር ላይ ቆሞ መጫወቱም ቀረ። ብርዱ በረታ፤ ጥር ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተቃጠለ ስኳር ሽታ ግቢዬን ሞላው። የጎረቤቴ ልጅ፣ አራሷ፣ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ።

«እባክሽ ነይ፤ እማዬ እጇን ተቃጠለች።»

ቂሜን ይዤ ሮጥኩ። ጓዳው በጭስ ተሞልቷል። የከሰል ምድጃው ላይ ብልቃጥ ተሰነጣጥቋል፤ ጥቁር ነገር ፍሙ ላይ እየተንጨረጨረ ይፈሳል። ጎረቤቴ አንድ እጃቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው ቆመዋል። ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩ። ብልቃጡን አወቅኩት፤ ከኮምቦልቻ ያመጣሁት ነው።

ልጃቸው ናት የተናገረችው።

«እንደዚያኛው ረጋ» አለችኝ። «ልክ እንደዚያኛው። ካየችው ቆይታለች። አፍራ ነው ከአንቺ የደበቀችው። ሰው ሳያይ ላቅልጠው ብላ እሳት ላይ ጣደችው።»

መጀመሪያ እጃቸውን አየሁ፤ ቀላ ብሏል እንጂ አልተላጠም። «ውሃው ውስጥ ያቆዩት» አልኳቸው። ከዚያ መናደድ ጀመርኩ። የሚገርመው፣ ልክ መሆኔ ሲታወቅ የምደሰት መስሎኝ ነበር፤ አልተደሰትኩም። አባቴ ንብ እየነደፋቸው፣ ፊታቸው እያበጠ ያመጡት ማር ከሰል ላይ ጠቁሮ ነበር የሚታየኝ።

ንዴቴን ሳልጨርስ ሌላ መጣ። ብልቃጡ ሳይሰነጠቅ በፊት ቀድተው ያስቀሩት ጥቂት ማር በስኒ ነበር። ሕፃኑ አለቀሰ፤ ጎረቤቴ በደህናው እጃቸው ስኒው ውስጥ ጣታቸውን ነክረው ወደ ሕፃኑ አፍ ሰደዱ።

«አንጀቱ ይለስልስ፤ ዝም ይላል» አሉ።

እጃቸውን ያዝኩት። አጥብቄ።

«አይሆንም!»

«ምን ሆነሽ ነው? ማርሽ ደህና ነው ስትዪ አልነበር?»

«ለእርስዎ ደህና ነው። ለልጅዎ ደህና ነው። ለእሱ ግን የፈሰሰም ይሁን የረጋ፣ ከየትም ይምጣ፣ ዓመት ሳይሞላው ማር የሚባል አይቀምስም። ማር ውስጥ እኛን የማይነካ ጀርም ሊኖር ይችላል፤ የሕፃን አንጀት ግን አይችለውም። ሊገድለው ይችላል!»

«ጤና ጣቢያም እንደዚህ ብለውኛል፣ እማዬ» አለች ልጃቸው ሕፃኑን እየወሰደች። «ከጡት በቀር ምንም አትስጪ ብለውኛል። ነግሬሽ ነበር።»

ጎረቤቴ ጣታቸውን በመቀነታቸው ጠረጉት። ያኔ ነው መጀመሪያ ዓይኔን ያዩት።

ቤቴ ሄጄ ያን የመለሱትን ብልቃጥ አመጣሁ። ለምን እንዳመጣሁት ያን ሰዓት ብትጠይቁኝ አላውቅም። ምናልባት እንዲያዩ ብቻ ፈልጌ ነው። ድስት ውስጥ ውሃ አሞቅሁና ከእሳቱ አወረድኩት፤ እጄን ነክሬ ሳያቃጥለኝ መቆየት እስክችል ድረስ ጠበቅሁ። የብልቃጡን ክዳን ላላ አድርጌ፣ ውሃው ከክዳኑ በታች እንዲሆን አድርጌ አስቀመጥኩት።

«እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም» አልኩ፣ ድምፄ አሁንም እንደተቆጣ። «ማሩ ይቃጠላል፤ ብርጭቆውም ይፈነዳል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሌላ ሙቅ ውሃ ይቀየርለታል። ጠብታ ውሃ እንዳይገባበት። ማንኪያው ደረቅ ይሁን። መቸኮል የለም።»

ውሃው ሲቀዘቅዝ ጎረቤቴ ተነስተው በደህናው እጃቸው ሌላ ሙቅ ውሃ አመጡልኝ። ከዳር ዳር መፍታት ጀመረ፤ መሀሉ ላይ ነጭ ኳስ የመሰለ ቀረ፤ እሱም እየሟሸሸ ሄደ። ሲያልቅ በማንኪያ አነሳሁት፤ እንደ ክር ወረደ።

«ያው ነው» አሉ ጎረቤቴ ቀስ ብለው።

«ያው ነበር።»

«አውፍ በይኝ፣ ልጄ፤ ይቅር በይኝ።»

«እዚህ ጓዳ ውስጥ ነው አውፍ በይኝ የሚሉኝ? ሲሰድቡኝ እኮ ሱቄ ውስጥ፣ ሰው መሀል ነበር።»

ልጃቸው ደነገጠች። እኔም ትልቅ ሰው ላይ እንዲያ ተናግሬ አላውቅም። ግን ቃሌን አልመለስኩም።

ጎረቤቴ በማግስቱ መጡ። ሱቁ ውስጥ ሰው እስኪሞላ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁ፤ ይህን አስተውያለሁ። ከዚያ ገብተው፣ እጃቸው በጨርቅ እንደተጠቀለለ፣ «ያ ማር ደህና ማር ነበር» አሉ። «ብርድ ነው ያረጋው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ስሟንም፣ የአባቷንም ስም።» አንዳንዱ ሰማ፣ አንዳንዱ ስኳሩን አስመዝኖ ወጣ። ወሬው ሲወጣ እንደሮጠው ሲመለስ አልሮጠም።

አባቴም ጋ ሄደዋል። ሰኞ ገበያ ድረስ ወርደው፣ ከገብሱ ጆንያ አጠገብ ቆመው አውፍ በሉኝ ብለዋቸዋል። አባቴ ማታ ሲነግሩኝ ነገሩን አላስረዘሙትም።

«አውፍ አልኳት። ትልቅ ሴት ናት፤ እዚያ ድረስ መጥታ ምን እላለሁ?»

«እንግዲያው ማሩን ለከርሞ ይልኩልኛላ?»

«አውፍ ማለት ሌላ፣ ማሩ ሌላ። ለሐርቡው ሰው ቃል ሰጥቻለሁ።»

ለመንኳቸው። ተቆጣሁም። ሱቄ እኮ በእሳቸው ማር ነበር የሚታወቀው፤ ሰው ከየሰፈሩ ይመጣ ነበር። አልሰሙኝም።

ይኸው ዘንድሮም ኅዳር አለፈ። ለቤቴ ብቻ የምትሆን አንዲት ባልዲ ላኩልኝ። ረግታለች፤ ዳቦ ላይ እንደ ቅቤ እየቀባሁ እበላታለሁ፤ ቅርጭጭ ስትል ደስ ትለኛለች። ከጎረቤቴ ጋር ሰላም ነን፤ የልጅ ልጃቸው አጥሩን ይዞ መቆም ጀምሯል። ትናንት መጥተው፣ «የአባባ ማር የለሽም?» አሉኝ።

«ለገበያ የለኝም።»

«ትንሽ እንኳ? የረጋም ቢሆን።»

«የሚሸጠው ሐርቡ ነው ያለው፣ እትዬ» አልኳቸው። ከዚያ ዞር ብዬ ሌላ ደንበኛ ማስተናገድ ጀመርኩ።